የ40 ሺህ ብሩ ጠብ፦ የአንድ ባልና ሚስት ንትርክ መስመር በመስመር

የተጣሉት በ40 ሺህ ብር ነው። ባልየው እቁብ ደረሰው፣ ከደረሰው ላይ 40 ሺውን ለታናሽ ወንድሙ ሰጠ፣ ለሚስቱ ግን አልነገራትም። እሷ የሰማችው ከእሱ እህት ነው፣ ያውም ስለ ሌላ ነገር በስልክ ሲያወሩ። የልጆቹ የትምህርት ቤት ክፍያ ደግሞ አንድ ሳምንት ብቻ ቀርቶታል።

እሷ ነርስ ናት። እሱ አነስተኛ የእንጨት ሥራ ቤት አለው። 9 ዓመት በትዳር ቆይተዋል፣ ሁለት ልጆች አሏቸው፣ የሚኖሩት አዲስ አበባ ኮንዶሚኒየም ውስጥ ነው። እኔ ያወቅኋቸው ለምክር ሲመጡ ነው። እንድጽፈው ሁለቱም ፈቅደዋል፣ ማንነታቸውን የሚያሳብቁ ነገሮችንም ቀይሬያለሁ።

በመጀመሪያው ቀን ችግራችሁ ምንድን ነው ስላቸው ሁለቱም ሳያመነቱ መለሱ። እሷ "ዝምታው ነው፣ ስናገር ግድግዳ ይሆንብኛል" አለች። እሱ "ምላሷ ነው" አለ። ሁለቱም ያዩት ነገር እውነት ነበር። ግን እያንዳንዳቸው የሌላውን ልማድ እንደ ችግሩ ምንጭ፣ የራሳቸውን ልማድ ደግሞ እንደ መልስ ብቻ ነበር የሚቆጥሩት። ይህን ጉዳይ መጻፍ የፈለግሁትም ለዚህ ነው።

ትዳርን የሚያፈርሱ አራት የጠብ ልማዶችን ለይቶ ያወጣው አሜሪካዊው የሥነ ልቦና ተመራማሪ ጆን ጎትማን ነው። ከባልደረባው ከሮበርት ሌቨንሰን ጋር ከ1970ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ባልና ሚስት እያከራከሩ ይቀርጹ ነበር፤ የልብ ምታቸውን እየለኩ፣ ፊታቸው ላይ የሚታየውን በየሰከንዱ እየመዘገቡ፣ ከዚያም ለዓመታት እየተከታተሉ ማን እንደተፋታ ማን አብሮ እንደቀረ ያያሉ። ከሚፋቱት ጠብ ውስጥ ደጋግመው ያገኟቸው ነቀፋ፣ ንቀት፣ ራስን መከላከልና ዝግት ማለት ናቸው። ጎትማን በዮሐንስ ራእይ ባሉት በአራቱ ፈረሰኞች ስም ጠራቸው። አራቱ አብዛኛውን ጊዜ እየተጠራሩ ነው የሚመጡት፤ አንዱ ለሌላው በር ይከፍታል።

አሁን ወደ ጠቡ። ሁለቱም ለየብቻ ያስታወሱትን ጽፈው አመጡልኝና አንድ ላይ ገጣጠምነው። አብዛኛው ተመሳሳይ ነበር።

እሱ ከምሽቱ 2 ሰዓት ላይ ከሥራ ገባ። ጫማውን እያወለቀ ሳለ እሷ ከኩሽና ወጣች።

"አንተ ሁልጊዜ እንደዚህ ነህ። ለቤትህ አታስብም። ላንተ ወንድሞችህ እንጂ እኛ ምንህም አይደለን።"

"ገና እግሬ ሳይገባ ደግሞ ምን አደረግሁ?"

"አታውቅም? 40 ሺውን ማን ነው የበላው?"

"ማንም አልበላውም። አንቺ ለእናትሽ ፍሪጅ ስትገዢ እኔን አስፈቅደሻል?"

"ፍሪጁን የገዛሁት በደሞዜ ነው። አንተ ደሞዝ የሚባል ነገር መች ታውቃለህ?"

"የሥራውን ሁኔታ እያወቅሽው! ሦስት ሰው አልከፈለኝም፣ እኔ ምን ላድርግ?"

እዚህ ላይ እሷ በአፍንጫዋ ሳቀች። ሶፋው ላይ ወደተቀመጠችው የ7 ዓመት ልጃቸው ዞራ "አየሽ አባትሽን? ለአገር ምድሩ ሀብታም ናቸው፣ ለቤታቸው ግን ድሃ" አለች።

እሱ ስልኩን አወጣ። መልስ የለም። "እያናገርኩህ እኮ ነው!" "እሺ።" "እሺ ማለት ምንድን ነው?" "እሺ በቃ።" ከዚያ በኋላ ለደቂቃዎች የተናገረችው እሷ ብቻ ናት፣ ድምጿ እየጨመረ ሄደ፣ እሱ ዓይኑን ከስልኩ ሳይነቅል ቆየና ተነስቶ ወጣ። የተመለሰው ከሌሊቱ 5 ሰዓት ላይ ነው። ከዚያ የቀናት ኩርፊያ መጣ፣ "አባትሽን ራት ቀርቧል በዪው" የሚሉ መልእክቶች በልጅቷ በኩል እየተላለፉ።

ከመጀመሪያው ዓረፍተ ነገር እንነሳ። እሷ ቅሬታ ነበራት፣ ቅሬታዋም ሙሉ በሙሉ ትክክል ነው። ባል የቤቱን ገንዘብ ሳይነግር ሰጥቷል፣ የልጆች ክፍያ ደርሷል። ግን ይህን አልተናገረችም። ከአፏ የወጣው ስለ አንድ ድርጊት ሳይሆን ስለ ሰውየው ማንነት ነው። "ሁልጊዜ" የሚለው ቃል ዘጠኙን ዓመት በሙሉ ይዞ ይመጣል። "ለቤትህ አታስብም" ደግሞ ልቡ ውስጥ ያለውን አውቄዋለሁ ማለት ነው። ቅሬታ ወደ ነቀፋ የሚሻገረው እዚህ ላይ ነው። ቅሬታ ሲቀርብልህ መልስ ልትሰጥበት የምትችለው ነገር ይኖራል፤ "ለቤትህ አታስብም" ስትባል ግን ያለህ አማራጭ ወይ ስድቡን መቀበል ወይ መከራከር ነው። ደግሞ 40 ሺህ ብር የሚለው ፍሬ ነገር የመጣው ስትናገር ለሁለተኛ ጊዜ ነው፤ ያኔ እሱ መከላከል ጀምሯል።

አጀማመር ብዙ ነገር ይወስናል። ጎትማንና ሲቢል ካሬር እ.ኤ.አ. በ1999 ባሳተሙት ጥናት 124 አዲስ ተጋቢዎች ሲከራከሩ ከቀረጹ በኋላ፣ የመጀመሪያዎቹን ሦስት ደቂቃዎች ብቻ በማየት በኋላ የሚፋቱት ከማይፋቱት የሚለዩበት ምልክት እንዳለ አግኝተዋል። በዚህ ጠብ የመጀመሪያዎቹ ሦስት ደቂቃዎች ውስጥ ነቀፋውም፣ መከላከሉም፣ ንቀቱም ገብተው አልቀዋል።

እሱ ደግሞ ምን አደረገ? ሦስት ጊዜ ተከላከለ፣ ሦስቱም በተለያየ መልክ። መጀመሪያ የማያውቅ መሰለ። ቀጥሎ ክሱን መልሶ ወረወረ፣ የፍሪጁን ነገር አነሳ። በመጨረሻ ሰበብ አቀረበ፣ ያልከፈሉትን ደንበኞች። ራሱን የሚከላከል ሰው ለራሱ ሲታየው እውነቱን እያስረዳ ነው፤ ደንበኞቹ በእርግጥም አልከፈሉትም። ለሚስቱ የተሰማት ግን አንድ ነገር ብቻ ነው፦ "ያልሽው ነገር አይመለከተኝም፣ ጥፋቱ ያንቺ ነው።" ስለዚህ ያልተሰማ ሰው የሚያደርገውን አደረገች። የበለጠ የሚያም ቃል ፈለገች።

አገኘችውም። ከአራቱ የምፈራው ይህንን፣ ንቀትን ነው። ነቀፋ "አጥፍተሃል፣ አንተም እንዲህ ነህ" ይላል። ንቀት ግን ከላይ ወደ ታች እያየ "አንተ ከእኔ ታንሳለህ" ነው የሚለው። የጎትማን ጥናቶች ለፍቺ ከሁሉ የበለጠ ጠቋሚ ሆኖ ያገኙትም እሱኑ ነው። ደግሞ ሁልጊዜ ስድብ መስሎ አይመጣም። በዚህ ጠብ ውስጥ አንድም የስድብ ቃል የለም። የደሞዙ ነገር የተባለው በጥያቄ መልክ ነው። ከዚያ የአፍንጫ ሳቅ መጣ። ከዚያ ለባሏ የሚገባውን "አንተ" ትታ "ሀብታም ናቸው" ብላ በአንቱታ አሾፈችበት፣ ፊት ለፊቷ ያለውን ሰው ትታ ለልጅቷ ስለ እሱ አወራች። ለእኛ የከፋው ንቀት የሚቀመጠው በአሽሙርና በአግቦ ውስጥ ነው፣ በአክብሮት ቃልም ሰው ይናቃል። ሽማግሌ ፊት ቢደገም "ምን አልኩት?" ለማለት ይመቻል። ለዚህ ነው ከቃሉ ይልቅ ፊትን ማየት የሚያስፈልገው፦ የአንድ በኩል ከንፈር ወደ ጎን ሲሳብ፣ ዓይን ወደ ላይ ሲገለበጥ፣ የሌላውን ድምፅ እየመሰሉ መልሶ መናገር ሲመጣ።

ልጅቷ እዚያው ተቀምጣ ነበር። እናትየዋ ወደ ምክር ለመምጣት የወሰነችው በዚህ ምክንያት እንደሆነ ነገረችኝ። ከሳምንታት በኋላ አባትየው የቤት ሥራሽን ጨርሺ ሲላት፣ ልጅቷ ልክ እንደ እናቷ በአፍንጫዋ ሳቀች።

አሁን ዝምታው። እሷ "ስልኩን ያወጣው እኔን ስለናቀኝ ነው" ብላ ነበር የምታምነው። ዘመዶቿም እንደዚያ ብለዋታል። እሱን ለብቻው ስጠይቀው "ምን እንደምል አላውቅም፣ ጆሮዬ ውስጥ ይጮኽብኛል፣ ደረቴ ይጨንቀኛል፣ ከተናገርኩ የባሰ ነገር እናገራለሁ" አለ። ከስልኩ ላይ ምን እያነበብክ ነበር ስለው ምንም አላስታወሰም።

እሷ ነርስ መሆኗ ጠቀመን። ጣት ላይ የሚሰካውን የኦክስጅንና የልብ ምት መለኪያ ይዛ እንድትመጣ ጠየቅኋት። እሱ ጣት ላይ አድርገን ስለ 40 ሺህ ብሩ እንደገና እንዲያወሩ አደረግሁ። ሲጀምሩ ልቡ በደቂቃ 78 ይመታ ነበር። ድምጿ ከፍ ሲል የልቡ ምትም ከፍ አለ። እሱ እጁን አጣምሮ፣ ፊቱ ምንም ሳያሳይ፣ ወለሉን እያየ ዝም ባለበት ሰዓት መለኪያው 112 ይላል። እሷ ቁጥሩን አየች፣ እሱን አየች፣ መናገሯን አቆመች። "ምንም የማይሰማው ነበር የሚመስለኝ" አለች።

የጎትማንና የሌቨንሰን ሥራ የሚለውም ይህንኑ ነው። ተቀምጦ የሚያወራ ሰው ልቡ በደቂቃ ከ100 በላይ መምታት ሲጀምር ሰውነቱ አደጋ ላይ እንዳለ ሰው ይሆናል። አዲስ ነገር መስማት፣ ቀልድ መረዳት፣ ይቅርታ ማለት ይከብደዋል። በጥናቶቻቸው ውስጥ ዝግት ከሚሉት መካከል 85 በመቶ ገደማ ወንዶች ነበሩ። ከውጭ የሚታየው ግድየለሽነት ነው፤ ውስጡ ግን ጎርፍ ነው። ይህ ማለት ግን ዝምታው አይጎዳም ማለት አይደለም። ተናጋሪዋ የሚደርሳት ግድግዳው ብቻ ነው፣ ግድግዳ ደግሞ ሰውን ያስጮኻል። እሷ ስትጮህ ልቡ ይፈጥናል፣ ልቡ ሲፈጥን ይዘጋል፣ ሲዘጋ እሷ ትጮኻለች። ንቀቷም ቢሆን ከሰማይ አልወረደም። ለዓመታት ስትናገር ያልተሰማች ሴት የሰበሰበችው ቂም ነው።

ከዚያ ምሽት በኋላ ሽማግሌ ገብቶ ነበር። የእሷ አጎትና የእሱ የንስሐ አባት መጡ። ፍርዳቸው ጥሩ ነበር፦ ከእንግዲህ ሳትነግራት ገንዘብ እንዳትሰጥ፣ አንቺም ልጅ ፊት አባትን አታዋርጂ። ተሳሳሙ፣ ቡና ተጠጣ። ሁለት ሳምንት ሳይሞላ በውኃ ታንከር ጥገና ያንኑ ጠብ ተጣሉ፣ በዚያው ቅደም ተከተል። ሽማግሌዎቹ የዳኙት ጉዳዩን ነው፣ እሱንም በትክክል ዳኝተዋል። አነጋገራቸው ግን የተለየ ነገር ነው፣ ማንም ቁጭ ብሎ አላየላቸውም።

ሥራውን የጀመርነው ከልቡ ምት ነው፣ ምክንያቱም አንድ ሰው 112 እየመታበት ሌላ የሚያስተምሩት ነገር የለም። ስምምነቱ ይህ ነበር፦ ከሁለቱ አንዱ "ልረፍ" ካለ ወሬው እዚያው ይቆማል፣ እረፍቱ ቢያንስ 20 ደቂቃ ይሆናል፣ ልረፍ ያለው ሰው ራሱ መቼ እንደሚመለስ ተናግሮ ራሱ ይመለሳል። ሰውነት ከዚያ ባነሰ ጊዜ አይረጋጋም። ጎትማን ቤተ ሙከራ ውስጥ ባልና ሚስትን በጠብ መሀል "መሣሪያው ተበላሽቷል" ብሎ አስቁሞ መጽሔት ሲያስነብባቸው፣ ሲመለሱ የልብ ምታቸው ወርዶ ሌላ ሰው የሆኑ ይመስሉ ነበር።

የመጀመሪያው ሙከራ አልተሳካም። እሱ "ልረፍ" አለና ወጥቶ ሳይመለስ አመሸ። ለእሷ ይህ ያው አሮጌው መጥፋት ነው፣ አሁን ግን ፈቃድ አግኝቷል፤ ስለዚህ ከበፊቱ የባሰ ተቆጣች፣ መቆጣቷም ትክክል ነበር። በሁለተኛው ጊዜ በሰዓቱ ተመለሰ ግን እንደተቃጠለ ነው የተመለሰው። በረንዳ ላይ ቆሞ ምን እያሰብክ ነበር ስለው "እንዴት እንዲህ ትለኛለች እያልኩ" አለ። ነገሩን ሲያላምጥ ነው የቆየው፣ እንደዚያ ከሆነ ልብም አይወርድም። ከዚያ በኋላ በእረፍቱ ሰዓት ለልጁ ብስክሌት ማጥበቅ ወይም ወደ ሱቅ መውረድ ጀመረ። ያኔ ሠራ።

ቀጥሎ የእሷ አጀማመር። ጎትማን እንደሚመክረው አለማመድኋት፦ የተሰማሽን፣ ድርጊቱን፣ የምትፈልጊውን ተናገሪ። "ብሩን መስጠትህን ከሌላ ሰው ስሰማ አዝኛለሁ፣ ከ5 ሺህ ብር በላይ ከማውጣታችን በፊት እንድንነጋገር እፈልጋለሁ።" እሷ ደስ አላላትም። "የመሥሪያ ቤት ደብዳቤ ይመስላል፣ ቤቴ ውስጥ እንደዚህ አላወራም" አለች። እውነቷን ነው። በራሷ አፍ እንዲህ ሆነ፦ "ስማኝማ፣ ያ ብር ነገር አንጀቴን አቃጥሎታል። ከእህትህ ነው የሰማሁት፣ እኔ ባዕድ ነኝ ወይ? ክፍያው ደርሷል ደግሞ ፈርቻለሁ። ከእንግዲህ ቀድመህ ንገረኝ።" ይህ ለስላሳ አይደለም፣ ቁጣ አለበት። ግን ስለ ብሩ፣ ስለ እሷ ስሜትና ስለሚደረገው ነገር ነው። ያ ይበቃል።

ለእሱ የከበደው ጥፋትን በከፊል እንኳን መቀበል ነው። "ሳልነግርሽ መስጠቴ ልክ አልነበረም" ለማለት ስንት ጊዜ ወደ ደንበኞቹ ወሬ ተመለሰ! ለምን እንደሚፈራ ሲናገር "አንዴ ካመንኩ እድሜ ልኬን ማስረጃ ይሆንብኛል" አለ። ስጋቱ ባዶ አልነበረም። ባመነ በሳምንቱ እሷ በሌላ ጠብ ውስጥ "ራስህ አምነህ የለ?" ብላ አነሳችው፣ እሱም መልሶ ተዘጋ። ስለዚህ ሌላ ስምምነት አስፈለገ፦ የታመነ ጥፋት ለሌላ ጠብ ማስረጃ ሆኖ አይቀርብም። ጥፋትን ማመን የሚቀጥለው ሰው ስላመነ ካልተቀጣ ነው።

ንቀቱ ግን በቃል ልምምድ አይለቅም። ዓረፍተ ነገሩን ብታስተካክልም ዓይኗ ይናገራል። ሊለወጥ የሚገባው ስለ እሱ የያዘችው ሥዕል ነው፤ ለዓመታት ያላደረገውን ብቻ ስትቆጥር ኖራለች። ያደረገውን ተናገሪ ስላት ብዙ ዝም አለች። ከዚያ "የሌሊት ተረኛ ስሆን ጠዋት መጥቶ ይወስደኛል፣ አንድም ቀን ቀርቶ አያውቅም፣ ታሞ እንኳን" አለች። ይህን ለእሱ ተናግራው አታውቅም ነበር። በጎትማን መረጃ በሚዘልቁ ትዳሮች ውስጥ፣ በጠቡ ሰዓት እንኳን፣ ለአንድ ክፉ ነገር አምስት ያህል በጎ ነገር ይቆጠራል፦ አንገት መነቅነቅ፣ "ገባኝ" ማለት፣ ትንሽ ቀልድ። እነዚህ ሁለት ሰዎች በቀዱልኝ አንድ ጠብ ውስጥ አንድም በጎ ነገር መቁጠር አልቻልኩም ነበር።

ሁለት ነገር ሳልናገር ማለፍ አልፈልግም። አንደኛው፣ "ጎትማን በ90 በመቶ ትክክለኛነት ፍቺን ይተነብያል" የሚለውን ወሬ በጥንቃቄ ያዙት። ተመራማሪዎች የተቹት ነገር አለ፦ ቀመሩ የተሠራው ማን እንደተፋታ ከታወቀ በኋላ በዚያው መረጃ ላይ ነው፣ በአዲስ ሰዎች ላይ ሲሞከር ትክክለኛነቱ ይወርዳል። አራቱን ልማዶች እዩበት እንጂ የማንንም ትዳር አትፍረዱበት። ሁለተኛው ከዚህ ይበልጣል። ዱላ ያለበት ቤት ውስጥ ይህ ሁሉ አይሠራም። ባሏን ፈርታ ዝም ያለች ሴት ዝግት ብላ አይደለም፣ ራሷን እየጠበቀች ነው። እሷን "አጀማመርሽን አለስልሺ" ማለት ለአደጋ መስጠት ነው። እነዚህን ባልና ሚስት አብረው ከማነጋገሬ በፊት ለየብቻ የጠየቅኋቸው የመጀመሪያ ጥያቄ ስለዚህ ነበር።

የወንድምየው ነገር አልተፈታም። እሱ ለወንድሙ መስጠቱን አይተውም፣ እናትና አባት የሌሉት ታናሹ ነው፣ እሷም የልጆቿ ክፍያ ከዚያ በኋላ መምጣቱን አትቀበልም። በጎትማን ግምት የባልና ሚስት አለመግባባት 69 በመቶው እንደዚህ ዓይነት፣ ከጠባይና ከአስተዳደግ የሚመጣ፣ የማይዘጋ ነው። ክፍያው ከወጣ በኋላ ለወንድምየው በየወሩ የሚሰጥ ቁርጥ ያለ መጠን ላይ ተስማምተዋል፣ መጠኑን ግን በየጊዜው ይከራከሩበታል። ባለፈው ፋሲካ በበግ ዋጋ ተነሳስተው እሷ "እሰይ ጌታው!" ማለት ጀምራ መሀል ላይ አቆመች፣ እሱ 20 ደቂቃ ጠየቀና ተመለሰ። ኩርፊያው እስከ ማግስቱ ጠዋት ቆየ፣ ልጅቷ ግን መልእክት አላመላለሰችም።